የብሬክ ኢቨን መልስ ትክክል መሆኑ በምን ይረጋገጣል?

ጥያቄ፦ «ለአንዲት አነስተኛ ሱቅ ብሬክ ኢቨን፣ ማለትም ትርፍም ኪሳራም የማይኖርበትን የሽያጭ ብዛት፣ እየሠራሁ ነው። የወሩ ቋሚ ወጪ 18,500፣ የአንዱ ዕቃ መሸጫ ዋጋ 120፣ ተለዋዋጭ ወጪው ደግሞ 85 ነው። ያገኘሁት መልስ 528.57 ሲሆን፣ መልሼ ስተካው ትርፉ ዜሮ ይመጣል። ነገር ግን በመዝገቡ መሠረት 600 ዕቃ በተሸጠበት ወር የተረፈው 700፣ 700 ዕቃ በተሸጠበት ወር የተረፈው 3,900 ብቻ ነው። መልሴ ትክክል መሆኑን በምን ላረጋግጥ?»

መልስ፦ መልሱን መልሰው ሲተኩት ዜሮ መምጣቱ የሚመሰክረው ስለ ማካፈልዎ ብቻ ነው። ቋሚውን ወጪ ለመሸጫ ዋጋውና ለተለዋዋጭ ወጪው ልዩነት የሚያካፍለው ቀመር ራሱ የተገኘው ትርፍን ዜሮ አድርጎ በመነሣት ስለሆነ፣ ያገኙትን ቁጥር ወደዚያው ቀመር ሲመልሱት ዜሮ ከመስጠት በቀር ሌላ ዕድል የለውም። ተለዋዋጭ ወጪውን በስሕተት 60 ብለው ይዘውት ቢሆን ኖሮ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር፤ መልሰው ሲተኩት ግን ያም ዜሮ ይመጣል። ስለዚህ ማረጋገጫው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን መመርመር አለበት። አንደኛው ስሌቱ በትክክል መሠራቱን ሲሆን፣ ሁለተኛው ወደ ስሌቱ የገቡት ቁጥሮች ሱቁን በእውነት የሚገልጹ መሆናቸውን ነው። በሱቆች የሒሳብ መዝገብ ላይ ስሠራ እንዳየሁት፣ ስሕተቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሁለተኛው በኩል ነው።

የመጀመሪያውን በአጭሩ እንጨርሰው። የዕቃ ቍራጭ ስለማይሸጥ 528.57ን ትተው በግራና በቀኙ ያሉትን ሙሉ ቁጥሮች ይሞክሩ። 529 ዕቃ ሲሸጥ ገቢው 63,480 ይሆናል፤ ተለዋዋጭ ወጪው 44,965 ሲሆን ቋሚው ሲደመርበት 63,465 ስለሚደርስ 15 ይተርፋል። 528 ሲሸጥ ገቢው 63,360፣ ጠቅላላ ወጪው 63,380 ስለሚሆን 20 ይጎድላል። አንዱ ቁጥር በትርፍ፣ ሌላው በኪሳራ መውጣቱ ነጥቡ በመካከላቸው መሆኑን ያሳያል። የ20ው ጉድለትና የ15ቱ ትርፍ ድምር 35 መሆኑ ደግሞ ከአንድ ዕቃ የሚገኘውን ህዳግ፣ ማለትም ከመሸጫ ዋጋው ላይ ተለዋዋጭ ወጪው ሲቀነስ የሚቀረውን፣ በትክክል መያዝዎን ያረጋግጣል። ቋሚውን ወጪ ለ35 ሳይሆን ለ120 አካፍለው 155 ያሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ይህ ዓይነቱ ሙከራ ያንን ወዲያው ያጋልጠዋል፤ ምክንያቱም 155 ዕቃ ተሸጦ የሚገኘው ህዳግ 5,425 ብቻ ሆኖ ከቋሚው ወጪ እጅግ ያንሳል። ሙሉ ቁጥሩም ምንጊዜም ወደ ላይ ይጠጋጋል እንጂ ወደ ታች አይጠጋጋም።

ከዚህ ጋር አንድ ቀላል ፍተሻ ልጨምር። ሽያጩን ዜሮ አድርገው ያስቡት፤ ኪሳራው በትክክል 18,500 ሊሆን ይገባል። ይህ ግልጽ ቢመስልም፣ ተለዋዋጭ ወጪውን ያገኙት የወሩን ወጪ በሙሉ ደምረው በተሸጠው ዕቃ ብዛት በማካፈል ከሆነ፣ የቤት ኪራዩና ደመወዙ በ85 ውስጥም በ18,500 ውስጥም ገብተው ሁለት ጊዜ ተቆጥረዋል ማለት ነው። በ85 ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ወጪ አንሥተው «ሱቁ ወሩን ሙሉ አንድም ዕቃ ሳይሸጥ ቢቆይ ይህ ወጪ ይቀር ነበር?» ብለው ይጠይቁ። የማይቀር ከሆነ ቦታው እዚያ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ የጠቀሷቸው ሁለት ወሮች መልሶ ከመተካቱ ይልቅ ብዙ ይናገራሉና። በእርስዎ ቁጥሮች መሠረት 600 ዕቃ ሲሸጥ ህዳጉ 21,000 ስለሚሆን፣ ከዚያ ላይ 18,500 ሲቀነስ መትረፍ የነበረበት 2,500 ነው። መዝገቡ 700 ስለሚል ልዩነቱ 1,800 ነው። 700 ዕቃ ሲሸጥ መትረፍ የነበረበት 6,000 ሲሆን፣ መዝገቡ 3,900 ስለሚል ልዩነቱ 2,100 ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለው ልዩነቶቹን ያነጻጽሩ። የተረሳው ወጪ ቋሚ ቢሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ ያልተመዘገበ የኢንተርኔት ወይም የጥበቃ ክፍያ ቢሆን፣ ልዩነቱ በሁለቱም ወሮች እኩል መሆን ነበረበት። እዚህ ግን ከሽያጩ ጋር አብሮ አድጓል። 1,800 ለ600 ሲካፈል 3 ይሆናል፤ 2,100 ለ700 ሲካፈልም 3 ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዕቃ ላይ 3 የሚወስድ፣ በ85 ውስጥ ያልገባ ተለዋዋጭ ወጪ አለ ማለት ነው።

ይኸው ውጤት የእርስዎን 35ም ሆነ 18,500 ሳይነኩ ከመዝገቡ ብቻ ሊገኝ ይችላል፤ እውነተኛ ማረጋገጫ የምለውም እንዲህ በሌላ መንገድ መጥቶ እዚያው የሚደርሰውን ነው። ሽያጩ በ100 ዕቃ ሲጨምር ትርፉ ከ700 ወደ 3,900፣ ማለትም በ3,200 ጨምሯል፤ ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ዕቃ ያስገኘው 35 ሳይሆን 32 ነው። 600 በ32 ሲባዛ 19,200 ይሆናል፤ ከዚያ ላይ የተረፈው 700 ሲቀነስ 18,500 ይቀራል። እንግዲህ ቋሚ ወጪዎ ትክክል እንደነበረ፣ የጎደለው በተለዋዋጩ በኩል ብቻ እንደሆነ መዝገቡ ራሱ ነገረን። ሆኖም በሁለት ነጥቦች መካከል ምንጊዜም ቀጥታ መስመር ማስመር ስለሚቻል፣ የሁለት ወር መስማማት የመጨረሻ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ሦስተኛ ወር ይፈልጉና አስቀድመው ይተንብዩ፦ 650 ዕቃ የተሸጠበት ወር ቢገኝ 2,300 መትረፍ አለበት። መዝገቡ ከዚያ ብዙ ከራቀ፣ ከወሮቹ በአንዱ ሌላ የተለወጠ ነገር አለ።

ነገር ግን የመዝገቡን ትርፍ ዳኛ ከማድረግዎ በፊት ትርፉ እንዴት እንደተሰላ ይጠይቁ። ብዙ አነስተኛ ሱቆች በወሩ የተገዛውን ዕቃ ሁሉ የወሩ ወጪ አድርገው ይጽፋሉ፤ ለብሬክ ኢቨን የሚያስፈልገው ግን የተሸጠው ዕቃ ወጪ ብቻ ነው። በወሩ መጀመሪያ 90 ዕቃ ነበረ፣ 640 ተገዛ፣ በወሩ መጨረሻ ሲቆጠር 130 ተገኘ እንበል። ከመደርደሪያው የወጣው 600 ሲሆን፣ የቀሩት 40 ተጨማሪ ዕቃዎች ግን ገና ያልተሸጡ ንብረቶች ናቸው። የነዚህ መግዣ በአንዱ 85 ሒሳብ 3,400 ስለሚደርስ፣ እንደ ወጪ ከተጻፈ 700 የተረፈበት ወር 2,700 የከሰረ ይመስላል። ስለዚህ የመነሻና የመድረሻ ቆጠራ የሌለው ወር ለዚህ ማረጋገጫ አይጠቅምም። ቆጠራው ከሽያጭ ደረሰኞቹ ጋር ካልተስማማም ዕቃው ተሰብሮ፣ ተበላሽቶ ወይም ተሰርቆ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ከሽያጩ ጋር አብሮ የሚያድግ፣ ማንም ግን በተለዋዋጭ ወጪ ውስጥ የማይጽፈው ነገር ነው።

ቆጠራው ንጹሕ ከሆነ ያቺን 3 በስም መፈለግ ይቀራል። እኔ በቅድሚያ የምመለከተው ገንዘቡ የሚሰበሰብበትን መንገድ ነው፤ በካርድ ወይም በስልክ ለሚፈጸም ክፍያ ከሽያጩ ላይ በመቶኛ የሚቆረጥ ከሆነ፣ 2.5 በመቶ ከ120 ላይ በትክክል 3 ነው። ይህ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ተቀንሶ ስለሚገባ በግዢ ደረሰኞች መካከል አይታይም። ከዚያ በኋላ ማሸጊያና ማጓጓዣ ይታያሉ። ምንጩን ማወቅ የሚያስፈልገው ለወደፊቱ ነው፤ መቶኛ ከሆነ መሸጫ ዋጋው ወደ 130 ሲያድግ እርሱም 3.25 ይሆናል፣ ማሸጊያ ከሆነ ግን ዋጋው ቢጨምርም 3 ሆኖ ይቆያል።

እንግዲህ ተለዋዋጭ ወጪው 88፣ ህዳጉ 32 ሲሆን፣ 18,500 ለ32 ተካፍሎ 578.125 ስለሚመጣ መልሱ 579 ነው። ፍተሻውን ይድገሙት፦ በ579 ላይ 28 ይተርፋል፣ በ578 ላይ 4 ይጎድላል፣ ድምራቸውም 32 ነው። ከፊተኛው መልስ ጋር ያለው ልዩነት 50 ዕቃ ነው። 550 ዕቃ የተሸጠበት ወር በፊተኛው ስሌት 750 ያተረፈ ሲመስል፣ በእውነቱ 900 ከስሯል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ቋሚው ወጪ በተነጻጸሩት ወሮች ውስጥ ሳይለወጥ ከቆየ ነው። 700 ዕቃ በተሸጠበት ወር ተጨማሪ ረዳት ተቀጥሮ ከነበረ፣ ደመወዙ የወሩን ትርፍ ስለሚቀንስ በ100ው ዕቃ የተገኘው ህዳግ ከእውነተኛው ያነሰ መስሎ ይታያል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለውን ክፍያ ወደ ወሩ ትርፍ መልሰው ደምረው ነው የሚያነጻጽሩት። የባለቤቱ ደመወዝ በ18,500 ውስጥ መግባት አለመግባቱንም ይዩ፤ ካልገባ 579 ማለት ባለቤቱ በነጻ እየሠራ ወጪው የሚሸፈንበት ቁጥር ነው።

ሱቁ ብዙ ዓይነት ዕቃ የሚሸጥ ከሆነ በቁጥር ሳይሆን በሽያጭ ገንዘብ ማረጋገጥ ይቀላል። 32 ለ120 ሲካፈል 0.2667 ገደማ ነው፤ 18,500 ለዚህ ሲካፈል የሚያስፈልገው የወር ሽያጭ 69,375 ይሆናል፣ ይህም 578.125 በ120 ሲባዛ ከሚገኘው ጋር አንድ ነው። እዚህ ላይ ጥምርታውን አያጠጋጉት። 0.27 ብለው ከያዙት መልሱ 68,519 ይመጣል፤ በዚያ ሽያጭ የሚገኘው ህዳግ ግን 18,272 ያህል ብቻ ስለሆነ ቋሚውን ወጪ ለመሸፈን 228 ያህል ይጎድለዋል። የሚያካፍሉት በካልኩሌተር ከሆነ 18,500ን በ120 አባዝተው ውጤቱን ለ32 ያካፍሉት፤ በመካከል የሚጠጋጋ ቁጥር አይኖርም።