ለአዲሶቹ ነርሶች፦ «ስቴብል ነች» ብላችሁ ጽፋችሁ አትውጡ

በሥራ ዘመኔ ከጻፍኳቸው የርክክብ ማስታወሻዎች አንዱን እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ። እንዲህ ይላል፦

«አልጋ 6። ዛሬ ጠዋት የአንጀት ኦፕራሲዮን ተደርጎላታል። ስቴብል ነች። ቫይታል ሳይን ተወስዷል። ላብራቶሪ ተልኳል። ክትትል ይደረግላት።»

አንድም ውሸት የለበትም። ዋርድ ገብታችሁ የፈረቃ መዝገቡን ብትገልጡ እንዲህ ያለ ማስታወሻ በየገጹ ታገኛላችሁ። ፈርሜ፣ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ሴትየዋ ተመልሳ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባች። ሆዷ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። ተርፋለች፣ ቀድሜ ልንገራችሁ፣ እየተሳቀቃችሁ እንዳታነቡ። ግን ደሙ መፍሰስ የጀመረው በእኔ ፈረቃ ነው። ቁጥሩም በእኔው እጅ ቻርቱ ላይ ተጽፎ ነበር።

ቁጥሮቹን እዩልኝ። ቀን 8 ሰዓት ላይ የልብ ምቷ 84፣ ግፊቷ 126 በ76፣ አተነፋፈሷ በደቂቃ 16። 10 ሰዓት ላይ ምቷ 96፣ ግፊቷ 120 በ80፣ አተነፋፈሷ 18። 12 ሰዓት ላይ ምቷ 108፣ ግፊቷ 114 በ84፣ አተነፋፈሷ 22። እኔ እያንዳንዱን ለብቻው ነው ያየሁት። 114 በ84 ምን ይላል? ምንም። ምት 108 ደግሞ፣ ሆዷ የተቀደደ ሰው ሕመም አለባት፣ ይጨምራል አልኩ።

ሦስቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ግን ሌላ ነገር ይታያችኋል። ምቱ ወደ ላይ እየሄደ ነው። አተነፋፈሱም እንደዚያው። የላይኛው ግፊት ቀስ እያለ ሲወርድ የታችኛው ደግሞ እየወጣ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ50 ወደ 40፣ ከ40 ወደ 30 ጠበበ። ደም ሲጎድል ሰውነት የደም ሥሮቹን ያጠባል፣ ልብን ያፈጥናል፣ በዚህም የላይኛውን ግፊት ለረጅም ጊዜ ደግፎ ያቆየዋል። አዋቂ ሰው ብዙውን ጊዜ የላይኛው ግፊቱ በግልጽ የሚወድቀው ከደሙ 30 በመቶ ገደማ ካጣ በኋላ ነው። ግፊት እስኪወድቅ የሚጠብቅ ነርስ ዘግይቷል ማለት ነው።

እና ምክሬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የታካሚውን ሁኔታ ስትጽፉ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ አትጻፉ። ቢያንስ ሦስቱን፣ ከነሰዓታቸው ጻፉ። ተረካቢዋ ቻርቱን ገልጣ ታየዋለች አትበሉ። ፈረቃ ሲቀየር ስልክ ይጮሃል፣ አስታማሚ ይጠራል፣ አንዱ ግሉኮሱ አልቆበታል፣ ማንም ቻርት የሚያገላብጥበት ሰዓት አይደለም። «ስቴብል» የሚለውን ቃል ደግሞ ከእነአካቴው ተዉት። ታካሚው ደህና ከሆነም ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

የተረከበችኝ ልጅ ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ስትለካ ምቷ 118፣ ግፊቷ 104 በ80 ሆነ። ማስታወሻዬን መልሳ አየችው። «ስቴብል ነች» ይላል። ስለዚህ ሕመም ይሆናል ብላ ማስታገሻ ሰጠቻት። እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። እሷ የማታውቀውና እኔ የማውቀው ነገር አለ፦ 11 ሰዓት ላይ እኔ ራሴ ማስታገሻ ሰጥቻት ነበር። ሕመሟ ቀለል አለላት፣ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ምቷ ግን ከአንድ ሰዓት በኋላም አልወረደም፣ እንዲያውም ጨመረ። ምቱን የጨመረው ሕመም ከሆነ ግፊቱም ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም፣ ማስታገሻው ሲሠራ ደግሞ ምቱ ይረጋጋል። ሕመሙ ቀንሶ ምቱ ካልቀነሰ ምክንያቱ ሌላ ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ብጽፍላት ኖሮ ሦስት ሰዓት ባልባከነ።

ሌላም ያልጻፍኩት ነገር ነበረ። ካቴተሯ ውስጥ የሚወርደው ሽንት እየቀነሰ ነበር። በሰዓት 45 ሚሊ ሊትር የነበረው በመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዓታት 25 እና 20 ሆነ። የአዋቂ ልክ በኪሎ ግማሽ ሚሊ ሊትር በሰዓት ነው፤ እሷ 60 ኪሎ ነች፣ ስለዚህ ቢያንስ 30 መሆን ነበረበት። ደግሞ ብርድ ልብሷን ደጋግማ ትገፍ ነበር። «ጠማኝ» ትላለች። እጇን ስይዘው ቀዝቃዛ ነው። እነዚህን ሁሉ አይቻለሁ እኮ! ግን ቁጥር ስላልሆኑ ማስታወሻ ላይ የሚጻፉ አልመሰለኝም። «ከወትሮው ተቁነጥንጣለች፣ እጇ ይቀዘቅዛል» ብሎ መጻፍ ነርስ ያየው ነገር ነው፣ ሐኪሙ ያላየው። ጻፉት።

ድሬኑ ነገር ደግሞ ያሳስታል። ከሰዓት በኋላ 40 ሚሊ ሊትር ቀዳ፣ ከዚያ ቆመ። እኔ ደስ አለኝ፣ ደሙ ቆመ ብዬ። ለካ ቱቦው በረጋ ደም ተደፍኖ ነው። ድሬን ባዶ ሲሆን «ምንም አልቀዳም» ብቻ አትበሉ፤ መቼ እንደቆመና ከመቆሙ በፊት ምን ያህል፣ ምን ዓይነት ፈሳሽ ይቀዳ እንደነበር ጨምሩበት።

አሁን ወደ ቀሪ ሥራዎች ልምጣ። «ላብራቶሪ ተልኳል» ብዬ ነበር። ምን ዓይነት ላብራቶሪ? ሄሞግሎቢን። ስንት ሰዓት? 11 ተኩል። ውጤቱን ማን ይከታተላል? ዝም። ውጤቱ 3 ሰዓት ላይ ደርሶ ላብራቶሪ ተቀምጦ ነበር፣ የጠየቀ ግን የለም፤ እሷ እኔ የጨረስኩት መስሏታል፣ እኔ ደግሞ እሷ ታመጣዋለች ብያለሁ። የተንጠለጠለ ሥራ ስታስረክቡ አራት ነገር ይኑረው፦ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደተጀመረ፣ መቼ እንደሚያልቅና ሲያልቅ ለማን እንደሚነገር። «ከ8 በታች ከሆነ ወዲያው ለቀዶ ሕክምና ተረኛ ሐኪም ይደወል» የሚል ካለበት የተሟላ ነው። ቁጥሩን ግን ከራሳችሁ አታውጡ፣ ያዘዘውን ሐኪም ጠይቁት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሄሞግሎቢን ጥሩ ሆኖ ቢመጣም አትዘናጉ። ሰው በፍጥነት ሲደማ ሙሉ ደም ነው የሚያጣው፣ ስለዚህ የቀረው ደም ውፍረት መጀመሪያ ላይ አይለወጥም። ቁጥሩ የሚወርደው ግሉኮስና ሰላይን ሲገባ ወይም ሰዓታት አልፈው ደሙ ሲቀጥን ነው። የሷም ውጤት 10.2 ነበር፣ ያን ያህል የሚያስደነግጥ አይደለም። ቢመጣም ብቻውን አያድናትም ነበር ለማለት ነው።

የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው፦ «ክትትል ይደረግላት» ትእዛዝ አይደለም። ምን ይታይ? በየስንት ሰዓቱ? ምን ሲሆን ምን ይደረግ? «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርጊ» ብላችሁ ለዚያች ታካሚ ብቻ የሚሆን ጻፉላት። ያንን ማስታወሻ ዛሬ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

«አልጋ 6፣ የ52 ዓመት ሴት፣ 60 ኪሎ። ዛሬ ጠዋት አንጀቷ ተቆርጦ ተሰፍቷል፣ 7 ተኩል ላይ ዋርድ ገባች። ምት በ8፣ በ10፣ በ12 ሰዓት፦ 84፣ 96፣ 108። ግፊት፦ 126/76፣ 120/80፣ 114/84። አተነፋፈስ፦ 16፣ 18፣ 22። ሽንት ያለፉት ሁለት ሰዓታት 25 እና 20 (ቢያንስ 30 ይጠበቃል)። ድሬን 40 ቀድቶ ከ10 ሰዓት ወዲህ ቆሟል። 11 ሰዓት ማስታገሻ ወስዳለች፣ ሕመሟ ቀንሷል፣ ምቷ ግን አልወረደም። ትቁነጠነጣለች፣ ይጠማታል፣ እጇ ቀዝቃዛ ነው። ደም እየፈሰሳት ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። ለተረኛ ሐኪም 1 ሰዓት ላይ ነግሬዋለሁ፣ እየመጣ ነው። ሄሞግሎቢን 11 ተኩል ተልኳል፣ 3 ሰዓት ላይ አንቺ ጠይቂ። ቫይታል ሳይን በየ15 ደቂቃው። ምት ከ120 ካለፈ፣ የላይኛው ግፊት ከ100 ከወረደ፣ ሽንት በሰዓት ከ20 ካነሰ፣ ወይም ግራ ከተጋባች፣ ሌላ ልኬት ሳትጠብቂ ደውይ። ሐኪሙ እስከ 1 ሰዓት ተኩል ካልመጣ ለበላዩ ደውይ።»

«እፈራለሁ» የሚለውን አያችሁት? አንዳንድ አለቆች ይህ ሙያዊ አይደለም ይላሉ። እኔ አልስማማም። ምርመራ መስጠት የሐኪም ሥራ ነው፣ ፍርሃታችሁን ከነምክንያቱ መጻፍ ግን የእናንተ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ ይህን ስጽፍ ሐኪሙን መጀመሪያ ጠርቼ ነው። ማስታወሻ የስልክ ምትክ አይሆንም። ያሰጋችሁን ነገር ለተተኪያችሁ ጽፋችሁ መውጣት ሸክም ማሻገር ነው።

አንድ ወጥመድም አለ። ታካሚው ለግፊት ወይም ለልብ ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል የሚወስድ ከሆነ ምቱ ላይጨምር ይችላል። ደም እየፈሰሰው 80 ላይ ቁጭ ሊል ይችላል። እንዲህ ያለ መድኃኒት ካለ መጀመሪያው መስመር ላይ ይቀመጥ፣ አለበለዚያ ተረካቢዋ የሰጣችኋትን «ከ120 ካለፈ» ይዛ ሌሊቱን ሙሉ ትጠብቃለች።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል ትላላችሁ። ለሁሉም ታካሚ እንዲህ አትጻፉ፣ ነገ ከቤት የሚወጣውን ሰው በሁለት መስመር ጨርሱት። ረጅሙን ለአስጊዎቹ አስቀምጡት። ደግሞ በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ለመጻፍ አትሞክሩ። እኔ ኪሴ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ይዤ ነው የምዞረው፣ በየአልጋው አንድ መስመር፣ ያየሁትን ወዲያው ጫር አደርጋለሁ። ማታ የሚቀረኝ መገልበጥ ነው። ወረቀቱን ግን ከመውጣታችሁ በፊት ቅደዱት፣ የሰው ምስጢር ነው።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ከተረካቢዋ ጋር አልጋው ድረስ ሂዱ። ድሬኑን አብራችሁ እዩ፣ የሽንት ከረጢቱን አብራችሁ አንብቡ፣ ግሉኮሱ በስንት ጠብታ እንደሚወርድ አብራችሁ ቁጠሩ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቋት፦ «እኔ ከወጣሁ መጀመሪያ የምታዪው ማንን ነው?» አልጋ 6 ካላለች ቦርሳችሁን አስቀምጡና እንደገና ንገሯት።