አለቃችሁ «ይኼ ኤአይ ምን ይሠራልናል?» ሲሏችሁ

የአይቲ ሥራ የጀመራችሁ ልጆች ሰሞኑን አንድ ነገር ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ሥራ አስኪያጁ ይጠሯችሁና «ይኼን ቻትጂፒቲ ምናምን የሚሉትን ለደመወዝ ክፍል ብናስገባውስ?» ይሏችኋል። እናንተም ነርቭ ኔትወርክ፣ ፓራሜትር፣ ትራንስፎርመር እያላችሁ ትጀምራላችሁ። እሳቸው በትህትና ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሟችኋል፤ ስትወጡ ግን ምንም አልገባቸውም። ያልገባቸው ስላልተማሩ አይደለም፤ የጠየቁትን ስላልመለሳችሁ ነው። እሳቸው ማወቅ የፈለጉት የትኛውን መልስ አምነው ወረቀት ላይ መፈረም እንደሚችሉ ነው።

እንግዲያው ከራሳቸው ሥራ ጀምሩ። መልሱን በቃላቸው የሚያውቁትን ጥያቄ ምረጡ። እኔ የምወደው የደመወዝ ግብርን ነው፤ ምክንያቱም በቅርቡ ስለተለወጠ።

በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ እስከ 600 ብር ደመወዝ ግብር የለውም ነበር፤ ከ10,900 ብር በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ይቆረጥበት ነበር። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. አዋጁ ተሻሻለ። ነፃው እስከ 2,000 ብር ከፍ አለ፣ 35 በመቶው ከ14,000 ብር በላይ ሆነ፣ በመሐል ያሉትም እርከኖች ተቀየሩ። 12,000 ብር የሚከፈለው አንድ ሠራተኛ እንውሰድ። በድሮው ስሌት 35 በመቶው 4,200 ብር ነው፤ የእርከኑ ተቀናሽ 1,500 ሲነሳለት ግብሩ 2,700 ብር ይሆናል። በአዲሱ 30 በመቶው 3,600 ነው፤ የእርከኑ ተቀናሽ 1,350 ሲነሳለት 2,250 ብር። ልዩነቱ በወር 450 ብር፣ ከአንድ ሰው ደመወዝ ላይ።

አሁን ወደ ሞዴሉ እንምጣ። እንደ ቻትጂፒቲ ያለ የቋንቋ ሞዴል የሚሠለጥነው እስከ አንድ ቀን ድረስ በተሰበሰበ ጽሑፍ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የሆነውን አላነበበም። ሥልጠናው ከሐምሌ 2017 በፊት ያበቃ ሞዴል ይህን ደመወዝ ብትሰጡት ያማረ ሠንጠረዥ ሠርቶ፣ ደረጃ በደረጃ አስልቶ 2,700 ብር ሊላችሁ ይችላል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ሕጉ ግን ተሽሯል። ለአለቃችሁ እንዲህ በሏቸው፦ «ጋሼ፣ በሰኔ 2017 ገዳም ገብቶ ዜና ሳይሰማ የቆየ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ልዩነቱ፣ ሰውየው ቢሆን ‹ቆይቻለሁና ሕጉ ተቀይሮ ይሆን?› ብሎ ይጠይቅ ነበር።» ሞዴሉ አንዳንዴ ይህን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ አንዳንዴ አይሰጥም። ይሰጣል ብሎ መተማመን አይቻልም።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ «አዲሱን ሞዴል እንጠቀማለና» ትላላችሁ። ይረዳል፤ አይፈታውም። የድሮው ሠንጠረዥ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድረ ገጽ ላይ ሲገለበጥ ኖሯል፣ አዲሱ ገና ትንሽ ነው የተጻፈበት። ሞዴሉ ደጋግሞ ወዳየው ነገር ያደላል፤ ስለዚህ ከለውጡ በኋላ የሠለጠነም ቢሆን አሮጌውን ሊያወጣ ይችላል። ኢንተርኔት ላይ እንዲፈልግ ብታደርጉትም አሮጌ ገጽ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ያመጣውን ገጽ ከፍታችሁ የተጻፈበትን ቀን እዩ። የሥልጠናው ማብቂያ መቼ እንደሆነ ደግሞ ራሱን ሞዴሉን አትጠይቁት፣ ተሳስቶ ሊነግራችሁ ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሠራው ኩባንያ በሚያወጣው መግለጫ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ለአለቆች ማስረዳት ከባድ የሚሆነው ቀጣዩ ነገር ነው። እሱም የመልሱ ድምፀት ነው። አንድ ሠራተኛ ያላወቀውን ሲጠየቅ ይንተባተባል፣ ጣሪያ ያያል፣ «ላጣራና ልመለስ» ይላል። አለቃችሁ ዕድሜ ልካቸውን ሰው የሚመዝኑት በዚህ ነው፣ እና ጎበዝም ናቸው። ሞዴሉ ላይ ግን ይህ ችሎታ አይሠራም። ሞዴሉ የሚያደርገው ከዚህ በፊት ከተጻፈው ቀጥሎ የትኛው የቃል ቁራጭ ቢመጣ ይስማማል ብሎ አንድ በአንድ እየመረጠ መቀጠል ነው። ልክ ሲሆንም ሲሳሳትም ሥራው ያው ስለሆነ አነጋገሩም ያው ነው። ድፍረቱ ስለ እውነቱ ምንም አይነግራችሁም።

«እርግጠኛ ነህ?» ብሎ መጠየቅም ዋስትና አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ አቪያንካ በተባለው አየር መንገድ ላይ ክስ የያዙ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የፍርድ ውሳኔዎች ለፍርድ ቤት አቀረቡ። አንደኛው ጠበቃ ውሳኔው እውነተኛ መሆኑን ያንኑ ቻትጂፒቲን ጠይቆት ነበር። እውነተኛ ነው አለው፣ ታዋቂ የሕግ መረጃ ቋቶች ላይ እንደሚገኝም ጨመረለት። የ5,000 ዶላር ቅጣት ተጣለባቸው። ተቃራኒውም ይሆናል። ትክክለኛ መልስ ሰጥቷችሁ «ተሳስተሃል» ብትሉት ይቅርታ ጠይቆ ወደ ስህተት ሊዞር ይችላል። ይህንን አለቃችሁ ፊት ሞክሩት፤ አንድ ጊዜ ካዩት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም።

ታዲያ ምን ይሠራል? ጽሑፉን እናንተ ስትሰጡት ጥሩ ይሠራል። የተሻሻለውን አዋጅ አንቀጽ ከነጋሪት ጋዜጣ ላይ ገልብጣችሁ ስጡትና «ይህን ብቻ ተጠቅመህ ለሠራተኞች በቀላል አማርኛ ማስታወቂያ ጻፍ» በሉት። ጸሐፊ ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን በደቂቃ ያወጣዋል። ቁጥሮቹን ከጋዜጣው ጋር ማመሳከር ግን አይቀርም፣ ሲገለብጥም ሊስት ይችላል። (የሠራተኞችን ስምና ደመወዝ ግን አትለጥፉበት፤ ያ ሌላ ጣጣ ነው።) አማርኛው ሲያምር ደግሞ አትታለሉ። ከእንግሊዝኛው በጣም ያነሰ አማርኛ ነው ያነበበው፣ ስለዚህ ጥያቄውን በሁለቱም ቋንቋ አቅርቡለት። መልሶቹ ከተለያዩ ቢያንስ አንዱ ስህተት ነው። አንድ ዓይነት ከሆኑ ግን ገና ምንም አልተረጋገጠም።

ስሌቱንስ? ስሌቱን ለኤክሴል ስጡት። ደመወዙ B2 ላይ ካለ ይህ ይበቃል፦

```
=MAX(0, B2*0.15-300, B2*0.2-500, B2*0.25-850, B2*0.3-1350, B2*0.35-2050)
```

የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። ለየትኛውም ደመወዝ የራሱ እርከን የሚሰጠው ቁጥር ከሌሎቹ እርከኖች አያንስም፤ ስለዚህ ትልቁን መውሰድ ነው። ለ12,000 ብር ብትሞክሩት 2,250 ይላችኋል፣ ነገም ያንኑ ይላችኋል። ቀመሩን ለመጻፍ ሞዴሉ ቢያግዛችሁ ክፋት የለውም፤ መልሱን በምታውቁት ደመወዝ ትፈትኑታላችሁ።

በመጨረሻ አለቃችሁ የሚያውቁትን ወረቀት አውጡላቸው። የደመወዝ መክፈያው ግርጌ ላይ ሦስት የፊርማ ቦታ አለ፦ ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠው፣ ያጸደቀው። ሞዴሉ «ያዘጋጀው» የሚለውን ሰው ያግዝ። «ያረጋገጠው» በሚለው ላይ የሚፈርመው ሰው ግን የሞዴሉን መልስ ከሞዴሉ ጋር ሳይሆን ከነጋሪት ጋዜጣው ጋር ያመሳክር፤ የጋዜጣውም ቅጂ ያመሳከረበት ቀን ተጽፎበት ከመክፈያው ጋር ፋይል ይደረግ። አለቃችሁ ምናልባት «ይኼማ ድሮም የምንሠራው ነው» ይሏችሁ ይሆናል። አዎ በሏቸው፤ ነው።