«ወባውን ያመጣው ይህ ነው» ከማለታችሁ በፊት

ልጆች፣

ድሬዳዋ ላይ ወባ ሲነሳ ምክንያቱን የማያውቅ ሰው አታገኙም። ዝናብ በበዛበት ዓመት «ዝናቡ ነው» ይባላል። ዝናብ በጠፋበት ዓመት ደግሞ «ሙቀቱ ነው»። ደቻቱ ጎርፍ ሲያመጣ ጎርፉ፣ አሸዋው ሲደርቅ አቧራው ይወቀሳል። ሁሉንም በአንድ የሚጠቀልሉም አሉ። «አቦ፣ አየሩ ተቀይሯል» ብለው ነገሩን ይዘጉታል።

እኔ የሥራ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከማይክሮስኮፕ ጋር ነው። ደም ሳይ፣ ትንኝ ሳይ ኖሬአለሁ። ስለዚህ የምጽፍላችሁ በማውቀው በወባ በኩል ነው። የምትማሩት ሌላ ነገር ቢሆንም አትከፉም።

«አየሩ ተቀይሯል» የሚለውን እንያዘው። አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ አባባል ስህተት ቢሆን ኖሮ ከተማው ውስጥ ምን እናይ ነበር? መልስ የለውም። ወባ ቢጨምር አየሩ ነው፣ ቢቀንስም አየሩ ነው። ከዚራ ጠፍቶ ሳቢያን ቢበረታም አየሩ ነው። «መንገድ ይታየኛል» እንደሚል ጠንቋይ ነው፤ ብትሄዱም ባትሄዱም አልተሳሳተም። አባባሉ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ችግሩ ውሸት ሊሆን የሚችልበት በር አለመኖሩ ነው። ምንም ማስረጃ ሊነካው ካልቻለ፣ ምንም ማስረጃ ሊደግፈውም አይችልም። ሺህ ታማሚ ቢደረደርለት ሺሁም ስለ እሱ የሚናገሩት ነገር የለም።

ካርል ፖፐር የተባለው የቪየና ተወላጅ ፈላስፋ ከመቶ ዓመት በፊት ያስጨነቀው ይኸው ነበር። ሁሉን ነገር የሚያብራራ ሐሳብ ጎበዝ ይመስላል። የሐሳብ ጉልበት ግን «ይህ ከቶ አይሆንም» ብሎ በሚከለክለው ነገር ይለካል አለ።

በነገራችን ላይ፣ የአየሩ ነገር ድሮ በደንብ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1900 ሁለት ሐኪሞች፣ ሳምቦን እና ሎው፣ ጣሊያን ውስጥ ኦስቲያ አጠገብ ወባ በሚፈጀው ረግረግ መሃል ጎጆ ሠሩ። በርና መስኮቱን በወንፊት ሽቦ ሸፈኑት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይገባሉ፣ ከወጣች በኋላ ይወጣሉ። ኪኒን አይወስዱም። መስኮቱን ግን ክፍት አድርገው የሌሊቱን አየር ሲስቡ ያድራሉ። ወባን የሚያመጣው የረግረጉ የሌሊት አየር ከሆነ መታመም አለባቸው። አልታመሙም። በዙሪያቸው የነበሩት ሰዎች ግን ይታመሙ ነበር። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ የድሮው የአየር መላምት የወደቀው ደፋር ስለነበረ ነው፣ የሚያስነካ ቦታ ነበረው። የዛሬው «አየሩ ተቀይሯል» እዚያ ጎጆ ውስጥ ቢገባም በሰላም ይወጣል። «የሌሊት ሙቀት በዚህን ያህል ዲግሪ ከጨመረ ከሁለት ወር በኋላ ታማሚ ይበዛል» ብትሉት ግን ያን ጊዜ ሰው ሆነ ማለት ነው፤ ቴርሞሜትር ይዘን እንከራከረዋለን።

አሁን ወደ ራሳችን ከተማ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2022 የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ብቻ ድሬዳዋ ከ2,400 በላይ የወባ ታማሚ መዘገበች። በአገራችን ዋናው የወባ ወቅት የክረምቱን ዝናብ ተከትሎ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ይህኛው ግን በደረቁ ጊዜ ተነሳ። ጥርጣሬው ያረፈው በአንድ እንግዳ ትንኝ ላይ ነበር። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ይባላል፣ አገሩ እስያ ነው። በ2012 ጅቡቲ ላይ ታየ፣ በ2016 ደግሞ ቀብሪደሃር ላይ ተገኘ። ነባሩ ትንኛችን አራቢየንሲስ ዝናብ ያቆረውን ኩሬ ይወዳል። ይህኛው በበርሜል፣ በሮቶ፣ በሲሚንቶ ገንዳ ይራባል። ውሃ በፈረቃ የምታገኝና ያገኘችውን የምታጠራቅም ከተማ ለእሱ ዓመቱን ሙሉ ክረምት ናት።

ታሪኩ ያምራል፣ አይደል? ጅቡቲ፣ መንገዱ፣ ሮቶው፣ ደረቁ ወቅት፣ ሁሉም ገጠመ። ወጣት ተመራማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ታሪክ ስለገጠመ ብቻ ተፈተነ ማለት አይደለም። አንዱ ተነስቶ ታማሚዎች ቤት ቢሄድና በርሜላቸው ውስጥ እጭ ቢያገኝ፣ «ይኸው ማስረጃው!» ሊል ነው። ድሬዳዋ ውስጥ በርሜል የሌለው ቤት የትኛው ነው? የጤነኛውም በርሜል እጭ ሊኖረው ይችላል። መላምቱ ልክ ቢሆንም ባይሆንም የምታገኙት ነገር ማስረጃ አይባልም።

በአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋም ሰዎች የተመራው ጥናት ይህንን ቀዳዳ አስቀድሞ ደፈነ። ወባ የተገኘባቸውን ታማሚዎች ብቻ አልያዙም። ትኩሳት ኖሮባቸው ለሕክምና የመጡ፣ ሲመረመሩ ግን ወባ ያልተገኘባቸውን ሰዎችም ያዙ። ከዚያ የሁለቱንም ወገን ቤተሰብና ጎረቤት መረመሩ፣ በሁለቱም ወገን አካባቢ ትንኝና እጭ ፈለጉ።

ይህ አሠራር መላምቱን ምን ላይ እንደሚያጋልጠው ተመልከቱ። ትንኙ እዚሁ ከተማ ውስጥ እያስተላለፈ ከሆነ፣ የታማሚው ቤተሰብና ጎረቤት ከሌላው የበለጠ መያዝ አለበት። ስቴፈንሳይም በታማሚው ዙሪያ በብዛት መገኘት አለበት። በሁለቱ ወገን እኩል ከተገኘ መላምቱ ክፉኛ ይቆስላል። ሌላ ተፎካካሪ ሐሳብም ነበር፦ «ወባው ከገጠር በመንገደኛ የመጣ ነው» የሚል። ይህ ልክ ከሆነ ደግሞ ከቤቱ ያልወጣው ጎረቤት የሚያዝበት ምክንያት የለም። ጥገኛ ተህዋሱም ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ዝርያው የተደበላለቀ ይሆናል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ሁለቱ ሐሳቦች የተለያየ ነገር ይተነብያሉ። ፈተና የሚባለው ይኼ ነው።

ውጤቱ በ2023 ታተመ። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት በታማሚዎቹ ዙሪያ ተከማችቶ ተገኘ። መከማቸቱም ስቴፈንሳይ ቤቱ አካባቢ ከመገኘቱ ጋር በጥብቅ የተያያዘ ነበር። ተህዋሶቹ በዘረመል ሲታዩ አንድ ዘር እየተባዛ መሰራጨቱን አሳዩ። በትንኞቹም ውስጥ ስፖሮዞይት ተገኘ። ስፖሮዞይት ትንኝ ስትነድፍ ወደ ሰው የምታስገባው የተህዋሱ ደረጃ ነው።

ስለ ስፖሮዞይት ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የራሴ ሙያ ነው። በድሮው አሠራር ትንኟን ስላይድ ላይ አስተኝተን፣ በመርፌ ጭንቅላቷን ቀስ ብለን ስንስብ የምራቅ ዕጢዋ ተከትሎ ይወጣል። ከፀጉር የቀጠነ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። መስታወት ተጭኖበት ሲፈነዳ፣ ካለ፣ እንደ ቀጭን ማጭድ የጎበጡ ስፖሮዞይቶች ይፈስሳሉ። ዛሬ በላቦራቶሪ ኬሚካልና በዘረመል ምርመራ ይሠራል። ለዓይን ግን የድሮው ይጣፍጣል።

ታዲያ ስፖሮዞይት ባይገኝ ኖሮስ? መላምቱ ወደቀ እንላለን? ቀላል አይደለም። ወባ ባለበት አገር እንኳ ስፖሮዞይት ያላት ትንኝ ጥቂት ናት። ከመቶ አንዷ ብቻ ናት እንበል። 100 ትንኝ ብትመረምሩ ጭራሽ ምንም ያለማግኘት ዕድላችሁ 0.99 በራሱ መቶ ጊዜ ተባዝቶ ነው፤ 37 በመቶ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ባዶ እጃችሁን ብትመለሱ ትንኙን ነፃ አላወጣችሁትም። 300 ብትመረምሩ ግን ያ ዕድል ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ያኔ ባዶነቱ ራሱ ይናገራል። ሠላሳ ትንኝ መርምሮ «አልተገኘም፣ ግን ናሙናው ትንሽ ስለሆነ ነው» የሚል ሰው፣ ከመጀመሪያውም መላምቱን ለፈተና አላቀረበውም። ብታስገኝ ደገፈችው፣ ባታስገኝ ጥፋቱ የናሙናው። ቁጥሩ ትንኝ ከመያዙ በፊት መወሰን አለበት። ምን ቢሆን እንደምትተዉት ጽፋችሁ ለሥራ ባልደረባችሁ ስጡት። ሲጽፉት እጅ ይከብዳል፣ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ግን እንዳታጋንኑ። ትንበያ አንዴ ሳይሰምር ሲቀር ሐሳብን ወዲያው መጣል ግዴታ አይደለም። ምክንያት መፈለግ ይቻላል፣ ያ ምክንያት ለብቻው የሚፈተን ከሆነ። ለምሳሌ በአንድ ሰፈር ታማሚ በዝቶ በርሜሎቹ ባዶ ሆኑ እንበል። «እጩ ያለው ጣሪያ ላይ ባለው ሮቶ ውስጥ ነው» ማለት ሕጋዊ ነው። መሰላል ይወጣል፣ በጭልፋ ይቀዳል፣ ይታያል። የአኖፊለስ እጭ ከውሃው ገጽ ጋር ተጋድሞ ይተኛል፤ የሌሎቹ ትንኞች እጭ ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። የትኛው አኖፊለስ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ክንፍ እስኪያወጣ አሳድጎ ማየት ነው። «እጩ ነበረ፣ ሰው ሲመጣ ይሰወራል» ማለት ግን መሰላልም ጭልፋም አይደርስበትም።

የስቴፈንሳይ መላምት ዛሬም ከፈተና አልወጣም። አብረው መገኘታቸው ጠንካራ ማስረጃ ነው፣ ግን መጨረሻው አይደለም። የሚቀጥለው ፈተና ውድ ነው። የተወሰኑ ቀበሌዎች ሮቶና በርሜል በሙሉ ይከደናል፣ ይታከማል። ሌሎች ተመሳሳይ ቀበሌዎች እንደነበሩ ይቆያሉ። እጩ በእርግጥ መጥፋቱ በየጊዜው ይለካል። እጩ ጠፍቶ፣ ትንኙም ጠፍቶ፣ ወባው በሁለቱም ወገን እኩል ከቀጠለ፣ እኔም ሆንኩ እዚህ ከተማ በዚህ ሐሳብ የምንምል ሁሉ ሌላ አስተላላፊ መፈለግ ይኖርብናል።