300ው ገና አልተከፈለም

«ሐዋሳ ሆቴል ስገባ ከአሜሪካ ቪዛ ካርዴ 300 ዶላር ቆረጡ። ስወጣ 220 ከፈልኩ። አሁን አፑ ላይ ሁለቱም ይታያሉ። ሁለቴ ነው እንዴ ያስከፈሉኝ?»

አይ፣ 300ው እገታ ነው፤ ለጊዜው ተይዞ የቆመ እንጂ የተከፈለ ገንዘብ አይደለም። ስትገባ ማሽኑ ባንክህን «ይሄ ሰው 300 አለው? ካለው ያዝልኝ» ብሎ ጠየቀ። ባንኩም ልታወጣው ከምትችለው ላይ ቀነሰ፤ ለሆቴሉ ግን ሳንቲም አልላከም። አፑ ላይ Pending ይላል አይደል? በእርግጥ የወጣው Posted የሚለው ብቻ ነው።

እዚያው አሜሪካ ነዳጅ ስትቀዳም ያው ነው። ማሽኑ ስንት እንደምትቀዳ አያውቅማ፣ 40 ዶላር ልትቀዳ 175 ሊይዝብህ ይችላል።

ታዲያ ለምን ቶሎ አልጠፋም? ሆቴሉ የመጨረሻውን ሂሳብ ስትገባ ባንኩ ለእገታው በሰጠው የፈቃድ ቁጥር ቢልከው ባንኩ ሁለቱን አገናኝቶ 80ውን ይለቅልህ ነበር። እንዳየሁት ሪሴፕሽኖች ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ክፍያ ያሳልፉታል። ያኔ ባንኩ ግንኙነታቸውን አያውቅም፣ እገታው የራሱ ቀን እስኪሞላ ተንጠልጥሎ ይቆያል። እንደ ባንኩ ጥቂት ቀን ወይም ከሳምንት በላይ ይፈጃል።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። እኔ አንዴ በዴቢት ካርድ ገብቼ ስወጣ ጥሬ ብር ከፈልኩና ዝም ብዬ ሄድኩ። እገታውን የሚዘጋው ሰው አልነበረም፣ የራሴ ብር ተይዞብኝ ዘጠኝ ቀን ተቸገርኩ። ስለዚህ ከመውጣትህ በፊት «እገታውን ልቀቁልኝ» በል፣ ደረሰኙንም ያዝ። 300ው ወደ Posted ከተቀየረ ግን ሳትውል ሳታድር ባንክህ ደውል።