ፓምፑ ሲነሳ ቦርዱ ለምን ሪሴት ያደርጋል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ቤተሰብ። አራት ኪሎ አካባቢ ነው የምኖረው። በረንዳ ላይ አበባ የሚያጠጣ ነገር በኢኤስፒ 32 ሠራሁ። ትንሿን የአምስት ቮልት ፓምፕ በሪሌይ ነው የማስነሳው። ሁሉም ነገር ከአንድ የስልክ ቻርጀር፣ በሁለት ሜትር የዩኤስቢ ገመድ ነው የሚሠራው። ሪሌዩ ቀጭ ሲል ቦርዱ ሪሴት ያደርጋል፣ አንዳንዴ ግን ደህና ይሠራል። 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨመርኩ፣ ለውጥ የለም። ሰዎች መብራት እየዋዠቀ ነው ይሉኛል። ምን ላድርግ?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ መብራቱን ለቀቅ አድርገው። አብዛኛው የስልክ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ተቀብሎ ያው አምስት ቮልት ያወጣል። ካላመንከኝ በፓወር ባንክ ሞክረው። በዚያም ሪሴት ካደረገ ነገሩ ግድግዳው ውስጥ ሳይሆን ገመድህ ውስጥ ነው።

ፒያሳ ባለችው ትንሽ የጥገና ክፍሌ ውስጥ ከአምስት ኪሎ ተማሪዎች የሚመጣልኝ ፕሮጀክት ብዙው ይኸው በሽታ አለበት። መጀመሪያ የማደርገው ቦርዱን ራሱን መጠየቅ ነው። ሲሪያል ሞኒተሩን ክፈትና ፓምፑን አስነሳ። `Brownout detector was triggered` የሚል መስመር ከመጣ ነገሩ አልቋል፤ ቮልቴጁ ወርዷል ማለት ነው። ኮምፒውተር አጠገብ ካልሆንክ ደግሞ ይህን አስገባና በ`Serial.println` ፋንታ ውጤቱን ስክሪን ላይ ወይም በዋይፋይ ላከው፦

```
#include "esp_system.h"
void setup() {
  Serial.begin(115200);
  if (esp_reset_reason() == ESP_RST_BROWNOUT)
    Serial.println("BROWNOUT");
}
void loop() {}
```

ለቮልቴጁ መልቲሜትር አታምጣ። መውረዱ በጣም አጭር ስለሆነ ሜትሩ አይደርስበትም። 4.8 ያሳይህና «ምንም የለም» ብለህ ትሄዳለህ።

አሁን ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ፓምፑ የብሩሽ ሞተር ነው። ቆሞ ሳለ ከሽቦ ጥቅል አይለይም፤ ከረንቱን የሚገድበው የራሱ ኦም ብቻ ነው። ሲዞር ነው የሚቆጥበው። ሁለቱን ሽቦ በመልቲሜትር ለካ፣ ዘንጉን ትንሽ አዙረህ ሲቆም ደጋግመህ ለካ። አራት ኦም አሳየህ እንበል። ቀጭን የሁለት ሜትር የዩኤስቢ ገመድ ደግሞ መሄጃና መመለሻው ከመሰኪያዎቹ ጋር ተደምሮ አንድ ኦም ቢሆን አይገርመኝም። አምስት ቮልት ለአምስት ኦም ሲካፈል አንድ አምፒር ነው። ሲዞር 0.2 አምፒር የሚበላው ፓምፕ በመነሻው ላይ አንድ አምፒር ይጠይቃል ማለት ነው።

ያ አንድ አምፒር ገመዱ ላይ አንድ ቮልት ይጥላል። ቦርዱ ጋ የደረሰው አራት ነው። የቦርዱን የራሱን ፍጆታ ስትጨምር 3.9 ይሆናል። ብዙዎቹ ቦርዶች የዩኤስቢ መግቢያው ላይ ዳዮድ አላቸው፣ እሱ 0.3 ይወስዳል። ከዚያ 1117 የሚባለው ሬጉሌተር 3.3 ለማውጣት ከላዩ አንድ ቮልት ገደማ ትርፍ ይፈልጋል። ትርፉ ስለሌለ የሚያወጣው 2.5 አካባቢ ነው። ኢኤስፒ 32 ደግሞ በፋብሪካ ቅንብሩ 2.4 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ራሱን ሪሴት ያደርጋል። በጠርዝ ላይ ነህ! በዚያች ቅጽበት ዋይፋዩ ካልላከ ያልፋል። ከላከ ግን ተጨማሪ 0.3 አምፒር ይጎትታል፣ ቮልቴጁ ከመስመሩ በታች ይወርዳል። «አንዳንዴ ደህና ይሠራል» ያልከው ይሄ ነው።

ወደ ካፓሲተርህ እንምጣ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚመክረው እሱን ነው፣ ግን ካፓሲተር ሁሉንም አይፈውስም። ስሌቱ ቀላል ነው፦ `C = I × t / ΔV`። ከረንቱን በጊዜው ታባዛለህ፣ ልትታገሰው ለምትችለው የቮልት መውረድ ታካፍላለህ። ፓምፑ ለመነሳት 50 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል እንበል፣ ግማሽ ቮልት ትታገሣለህ። አንድ ሲባዛ 0.05፣ ሲካፈል 0.5፤ መልሱ 0.1 ፋራድ ነው። መቶ ሺህ ማይክሮፋራድ! ያንተው 100 ማይክሮፋራድ በዚያ ሁኔታ 50 ማይክሮሰከንድ ብቻ ነው የሚቆየው። ለዚህ ነው ለውጥ ያላየኸው።

ስለዚህ መጀመሪያ መንገዱን ለይ። የፓምፑ ከረንት በኢኤስፒው ገመድ ውስጥ ማለፍ የለበትም። ባለ ሁለት ቀዳዳ ቻርጀር ካለህ ለፓምፑ የራሱን ገመድ ስጠው። ከሌለህ ደግሞ ከቻርጀሩ ጫፍ ላይ ሁለት መስመር አውጣ፣ አንዱ ወደ ቦርዱ፣ አንዱ በሪሌዩ በኩል ወደ ፓምፑ። የፓምፑን በወፍራም ሽቦ አድርገው። ባለ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ በሁለት ሜትር ርቀት ሄዶ ሲመለስ 0.1 ኦም ገደማ ነው። ፓምፑ አሁን እስከ 1.2 አምፒር ይጎትት ይሆናል፤ ቻርጀሩ ከምር ሁለት አምፒር የሚያወጣ ከሆነ ቦርዱ አይሰማውም። መርካቶ «ሁለት አምፒር» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ሁለት አምፒር አይደለም፣ እሱን በዓይንህ ማየት አትችልም። ከተጠራጠርክ ለፓምፑ ሌላ ቻርጀር ስጠው። ሪሌይ ስለሆነ ሁለቱን ኔጋቲቭ ማገናኘት ግዴታ አይደለም። በሪሌዩ ፋንታ ትራንዚስተር ብትጠቀም ግን ግዴታ ነው።

ካፓሲተሩ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ነው። የዋይፋዩ ጉተታ አጭር ስለሆነ 1000 ማይክሮፋራድ፣ 16 ቮልት፣ በቦርዱ አምስት ቮልትና ግራውንድ ፒኖች መካከል አድርግ። 0.3 አምፒር ለአንድ ሚሊሰከንድ ቢጎትት የሚወርደው 0.3 ቮልት ብቻ ነው፣ ቀሪውን ቻርጀሩ ይሸፍናል። እግሮቹን አሳጥር። ብሬድቦርድ ላይ ራቅ አድርገህ ከሰካኸው ጥቅሙ ይቀንሳል። ጎኑ ላይ መስመር ያለበት እግር ኔጋቲቭ ነው፣ ከገለበጥከው ሊፈነዳ ይችላል። ከአሮጌ ቴሌቪዥን የወጣ አናቱ ያበጠ ካፓሲተርም አትጠቀም። «104» የተጻፈበትን ትንሽ ሴራሚክ ደግሞ በፓምፑ ሁለት ሽቦ መካከል፣ ሞተሩ አካል ላይ በጥብቅ በየደው። እሱ የሚውጠው የብሩሹን ብልጭታ ነው፤ ለቮልት መውረድ አይረዳም።

አንዳንዱ «ብራውንአውቱን በኮድ አጥፋው» ይልሃል። ኮዱ በየቦታው አለ፣ አይመከርም። ቮልቴጁ መውረዱን አያቆምም፣ ሪሴቱን ብቻ ይደብቅልሃል። ከዚያ በኋላ ቦርዱ ባለበት ቀጥ ይላል ወይም የሚጽፈው ይበላሽበታል፣ መንስኤውንም ለማግኘት ትቸገራለህ።

ይህን ሁሉ አድርገህ ሪሴቱ ፓምፑ ሲነሳ ሳይሆን ሲጠፋ የሚመጣ ከሆነ በሽታው ሌላ ነው። ፒያሳ አንድ ሱቅ በር ላይ የገጠምኩት የኤሌክትሪክ መቆለፊያ እንዲህ ነበር። የራሱ ባለ 12 ቮልት ፓወር ነበረው፣ ሲከፍት ደህና፣ ሲለቅ ቦርዱ ይረበሻል። የሽቦ ጥቅል ከረንቱ ሲቋረጥበት ቮልቴጅ ወደ ላይ ይተፋል፣ የሪሌዩም አፍ ላይ ብልጭታ ይነሳል። ካፓሲተር ብትከምርበት ለውጥ አታይም። ያዳነው በመቆለፊያው ሁለት ሽቦ መካከል የተበየደ አንድ ተራ ዳዮድ ነው፣ መስመር ያለበት ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ። ፓምፕህም ላይ አንድ ጣልበት፣ ዋጋው ምንም አይደለም። በ220 የሚሠራ ፓምፕ ላይ ግን ይህን ዳዮድ እንዳታስገባ፣ እሱ ለዲሲ ብቻ ነው።

ከፈተሽክ በኋላ የፓምፑን ኦምና ሲሪያሉ ያወጣውን መስመር እዚሁ ለጥፍልን።