በጅማ ደመወዝ የአሜሪካ የተማሪ ብድር፦ ማራዘም ይሻላል ወይስ አሥር ዶላር መክፈል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የተወለድኩት ጅማ ነው። በልጅነቴ አባቴ ጋ አሜሪካ ሄጄ ዜግነት አገኘሁ። ሜይ 2025 በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቄ አያቴን ላስታምም ተመለስኩ። አሁን እዚሁ ጅማ የግል ትምህርት ቤት በወር 18,000 ብር እያገኘሁ አስተምራለሁ። ከአሜሪካ መንግሥት የተበደርኩት 27,000 ዶላር አለብኝ። የስድስት ወሩ እፎይታ አልቆ የሁለት ወር ቢል መጥቶብኛል። በስልክ ‹ማራዘም ትችያለሽ› አሉኝ። ላራዝም ወይስ ትንሽም ብትሆን ልክፈል? ዝም ብልስ ፓስፖርቴ ይነካል?»

መልስ፦

ከፓስፖርቱ ልጀምር። የተማሪ ብድር ባለመክፈል ፓስፖርት አይሰረዝም፣ ወንጀልም አይደለም። ዝም ማለት ግን አያዋጣም። የፌዴራል የተማሪ ብድር በይርጋ አይታገድም። 90 ቀን ካለፈ የብድር ታሪክሽ ላይ ይጻፋል። 270 ቀን ሲሞላው ውሉን እንዳፈረስሽ ይቆጠርና ወደፊት አሜሪካ ብትሠሪ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከደመወዝሽና ከግብር ተመላሽሽ ሊቆርጡ ይችላሉ። እዚህ አገር እንደምናውቀው የወጪ መጋራት ቀጣሪሽ በየወሩ ቆርጦ አያስገባልሽም። ካልተንቀሳቀስሽ የሚንቀሳቀስልሽ የለም።

ስልክ ላይ «ማራዘም» ያሉሽ ነገር ሁለት ዓይነት ነው፤ ብዙ ሰው የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። አንዱ ዲፈርመንት፣ ሌላው ፎርቤራንስ ይባላል። ሁለቱም ክፍያ ያስቆማሉ፤ ልዩነቱ ወለዱ ላይ ነው። ፎርቤራንስ በስልክ ጥያቄ ብቻ ሊሰጥ ስለሚችል ሠራተኞቹ ቶሎ የሚያቀርቡት እሱን ነው።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። 27,000 ዶላር በወላጅ ስር ሆኖ በአራት ዓመት የተማረ ሰው በመደበኛነት የሚወስደው ጣሪያ ስለሆነ፣ ያንቺ ብድር 19,000ው ሰብሲዳይዝድ፣ ማለትም በተወሰኑ ጊዜያት ወለዱን መንግሥት የሚሸፍነው፣ 8,000ው ደግሞ አንሰብሲዳይዝድ፣ ማለትም ወለዱ ሁልጊዜ ባንቺ ላይ የሚቆጥረው ነው ብዬ ልነሳ። አካውንትሽ ላይ አረጋግጪው። ከ2021 እስከ 2025 በነበሩት ዓመታዊ የወለድ መጠኖች ስናሰላው፣ 19,000ው በዓመት ወደ 1,017 ዶላር ወለድ ያፈራል። 8,000ው ደግሞ ወደ 415። በዲፈርመንት ጊዜ የ1,017ቱን ወለድ መንግሥት አያስከፍልሽም፤ የሚቆጥረው 415ቱ ብቻ ነው። በፎርቤራንስ ግን ሁለቱም ይቆጥራሉ። በሦስት ዓመት አንደኛው 1,245 ዶላር ገደማ፣ ሌላኛው ወደ 4,300 ዶላር ይጨምርብሻል። ስለዚህ የሚደርስሽ ደብዳቤ ላይ Deferment ወይስ Forbearance እንደሚል ሳታዪ «ተራዘመልኝ» ብለሽ አትቀመጪ።

አንቺን የሚመለከተው የኢኮኖሚ ችግር ዲፈርመንት ነው። በሳምንት ቢያንስ 30 ሰዓት መሥራትና ገቢሽ ከአሜሪካ የድህነት መለኪያ አንድ ተኩል እጥፍ አለመብለጡን ይጠይቃል። በ2025 መለኪያ ለአንድ ሰው ይህ በወር 1,956 ዶላር ገደማ ነው። ዶላሩን በ150 ብር ብናስብ ያንቺ ደመወዝ 120 ዶላር ነው፤ በሰፊው ታልፊያለሽ። በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ለአንድ ዓመት ሲሆን በጠቅላላው ከሦስት ዓመት አይበልጥም። ይህ ዲፈርመንት ከጁላይ 1 ቀን 2027 ጀምሮ ለሚወሰዱ አዲስ ብድሮች ቀርቷል። ያንቺን ጨምሮ የቀድሞ ብድሮች ግን አልተነኩም።

ብዙ አማካሪ እዚህ ላይ «ዲፈርመንቱን ተዪው፣ በገቢ ላይ የተመሠረተውን የአከፋፈል ስልት፣ አይ.ቢ.አርን ያዢ፤ ያውም ዜሮ ነው» ይላል። እውነት ነው፣ ያንቺ ወርሃዊ ክፍያ ዜሮ ይሆናል። ነገር ግን በአይ.ቢ.አር መንግሥት የሰብሲዳይዝዱን ወለድ የሚሸፍነው ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ተከታታይ ዓመታት ነው። በኢኮኖሚ ችግር ዲፈርመንት ያለፈው ጊዜ ከእነዚህ ሦስት ዓመታት ላይ አይቀነስም። አይ.ቢ.አር ቀሪ ዕዳ እስኪሰርዝ ከሚቆጥራቸው ዓመታት ውስጥ ግን ይገባል። ስለዚህ ከሁለቱ መጀመሪያ ዲፈርመንቱን መጠቀም ይሻላል።

አሁን ወደ «ትንሽም ብትሆን» እንምጣ። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ራፕ የሚባል አዲስ የአከፋፈል ስልት ይጀምራል። በዓመት ከ10,000 ዶላር በታች ለሚያገኝ ሰው ወርሃዊው ክፍያ 10 ዶላር ነው። ያቺ 10 ዶላር በቀኗ ከገባች፣ ሳይከፈል የቀረው የወሩ ወለድ በሙሉ ይሰረዛል። ከዋናው ዕዳም 10 ዶላር መንግሥት ይቀንስልሻል። በትምህርት ላይ እያለሽ የተጠራቀመውን ወለድ ለጊዜው እንተወውና ሦስት ዓመቱን እናወዳድር። በዲፈርመንት ምንም ሳትከፍዪ ዕዳው ወደ 28,245 ያድጋል። በራፕ 360 ዶላር ከፍለሽ 26,640 ይሆናል። ከ1,600 ዶላር በላይ ልዩነት ነው።

ግን 10 ዶላር ማለት 1,500 ብር ነው፤ ከደመወዝሽ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ሊደርስ ጥቂት ነው የሚቀረው። አያት ለምታስታምም ልጅ ይህን ማምጣት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ከብሩ ይልቅ የሚያስቸግረው ደግሞ ማድረሱ ነው። ጅማ ተቀምጠሽ በየወሩ ዶላር ለመላክ ከመሞከር፣ አሜሪካ የተውሽው የባንክ ሂሳብ ካለ 120 ዶላር የዓመቱን አስቀምጠሽ በየወሩ በራሱ እንዲቆረጥ ማድረግ ነው። ሂሳቡ ከተዘጋ አባትሽ ከራሳቸው ሂሳብ ሊከፍሉልሽ ይችላሉ። ቀኗን የምትስት ክፍያ የወለድ ስረዛውን ታስቀራለች፤ ይህን የሚያስተማምን መንገድ ከሌለሽ ራፕ አትግቢ። ቀሪ ዕዳ የሚሰርዘውም ከ30 ዓመት በኋላ ነው፤ የአይ.ቢ.አር ላንቺ 20 ዓመት ነው።

የኔ ምክር ይኸው፦ አሁን ዲፈርመንት ጠይቂ፤ ጁላይ ሲደርስ 10 ዶላሯ በአስተማማኝ ሁኔታ የምትከፈል ከሆነ ወደ ራፕ ተሻገሪ። ዲፈርመንቱ ሲያበቃ በዚያ ጊዜ በ8,000ው ላይ የተጠራቀመው ወለድ ከዋናው ዕዳ ጋር ይደመራል። እስከ ጁላይ ከ250 ዶላር አይበልጥም፤ አባትሽ ከቻሉ ከመሻገርሽ በፊት ይክፈሉልሽ።

ቅጹ Economic Hardship Deferment Request ይባላል፤ studentaid.gov ላይ ታገኚዋለሽ። ከትምህርት ቤቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ማህተም ያለው ደብዳቤ አያይዢ። የሳምንት የሥራ ሰዓትሽና ያልተጣራ ወርሃዊ ደመወዝሽ በግልጽ ይጻፍ። ብሩን በዶላር ስትገልጪ ምንዛሪውንና ቀኑን አስፍሪ። አካውንትሽ የማረጋገጫ ኮድ የሚልከው በተቋረጠው የአሜሪካ ስልክሽ ከሆነ መግባት አትችይም፤ መጀመሪያ ወደ ኢሜይል ለውጪው።

ያመለጡሽን ሁለት ቢሎች አትፍሪያቸው። ዲፈርመንት ጥያቄው ከደረሳቸው ቀን እስከ ስድስት ወር ወደ ኋላ ተቆጥሮ ሊጀምር ይችላል። ቅጹ ላይ የመነሻ ቀን ሲጠይቅሽ የመጀመሪያው ቢል የሚከፈልበትን ቀን ጻፊ። መልሱ ሲመጣም ሁለቱ ቢሎች መሸፈናቸውን በጽሑፍ ጠይቂያቸው።