እጀታው ሳይወጣ የተገዛ አክሲዮን

ጥያቄ፦ «ጅማ ሆኜ በልምምድ ሒሳብ የአሜሪካ አክሲዮኖችን ግብይት እማራለሁ። አንድ አክሲዮን ከ60 ዶላር 100 ደርሶ ወደ 74 ወረደ። በ16 ሳምንት ተመልሶ 97 ሲደርስ ኩባያው ሞላ ብዬ ገዛሁ። በሁለት ሳምንት 90 ሲገባ ደንግጬ ሸጥኩ፤ ከዚያ ግን ዋጋው 115 ደረሰ። ስህተቴ የት ላይ ነው?»

መልስ፦ ኩባያውን፣ ማለትም ዋጋው ወርዶ ቀስ በቀስ ሲመለስ በዋጋ ግራፉ ላይ የሚሠራውን ቅርጽ፣ በትክክል አይተውታል። ከ100 ወደ 74 መውረዱ 26 በመቶ ሲሆን፣ ጤናማ የሚባለው ጥልቀት በአብዛኛው ከ12 እስከ 33 በመቶ ነው። ገበያው በሙሉ በወደቀበት ጊዜ ጥልቀቱ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል፤ በተረጋጋ ገበያ ግማሽ ዋጋውን ያጣ አክሲዮን ግን ሲመለስ በየደረጃው የከሰረ ሻጭ ስለሚጠብቀው እኔ አልነካውም።

የሳቱት እጀታውን፣ ማለትም ኩባያው ከሞላ በኋላ የሚመጣውን አነስተኛ የዋጋ ቅናሽ ነው። (ቡና የምንጠጣበት ሲኒ እጀታ ስለሌለው ይሆናል፣ ተማሪዎቼም ይህንን ክፍል ይዘነጉታል።) በውድ ዋጋ ቡና ገዝቶ ገበያው የወረደበት ነጋዴ፣ ዋጋው ወደ መነሻው ሲጠጋ «ገንዘቤን ልመልስ» ብሎ እንደሚሸጥ ሁሉ፣ በ100 ዶላር አካባቢ የገዙትም 97 ላይ መሸጥ ይጀምራሉ። እጀታውን የሚሠራው ይህ ሽያጭ ነው፤ እርስዎም የገዙት ልክ ሽያጩ ሲጀምር ነበር።

ጤናማ እጀታ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቆይቶ በዝግታ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ቅናሹም ብዙውን ጊዜ ከ12 በመቶ አይበልጥም። የእርስዎ ከ97 ወደ 90 የወረደው 7 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ዝቅተኛው ነጥብም ከኩባያው አጋማሽ፣ ማለትም ከ87 ዶላር በላይ ቆይቷል። በእነዚህ ቀናት የግብይት መጠኑ ከአማካዩ በታች ደርቆ ከነበረ፣ የሚሸጡት እያለቁ መሆናቸውን ያሳያል። በአንጻሩ ዋጋው እየወረደ መጠኑ ካበጠ ትልልቅ ባለአክሲዮኖች እየወጡ ሊሆን ስለሚችል ቅርጹን መተው ይሻላል።

ትክክለኛው መግቢያ በእጀታው ከፍተኛ ዋጋ ላይ 10 ሳንቲም ተጨምሮ የሚገኘው 97.10 ዶላር ነበር። ዋጋው ይህንን ሲያልፍ የዕለቱ የግብይት መጠን ከ50 ቀን አማካዩ ቢያንስ በ40 በመቶ መብለጥ አለበት፤ አማካዩ 800 ሺህ አክሲዮን ከሆነ 1 ሚሊዮን 120 ሺህ ማለት ነው። የቀኑ መጠን የሚታወቀው በመዝጊያ ላይ ስለሆነ፣ ጀማሪ መዝጊያውን አይቶ በማግስቱ ቢገባ አልቃወምም፤ ዋጋው ከመግቢያው 5 በመቶ፣ ማለትም ከ102 ዶላር ገደማ ካለፈ ግን አያሳድዱት።

መሸጥዎን ግን አልነቅፈውም። በ97.10 ቢገቡም ኪሳራው ከ7 እስከ 8 በመቶ፣ ማለትም በ89.30 እና በ90.30 ዶላር ገደማ መካከል ሲደርስ መውጣት ነበረብዎት፤ መጠኑ ሳይጨምር መግቢያውን የሚያልፍ ዋጋ በጥቂት ቀናት ተመልሶ እጀታው ውስጥ የሚገባበት ጊዜ ብዙ ነውና።